አሮጌዋን መኪና ላስጠግን ወይስ በአዲስ ልቀይር? ስለ አቻ ዓመታዊ ወጪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቃ ማድረሻ መኪናቸው ጋራዥ ገብታ ከበድ ያለ ሒሳብ የተነገራቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ እየተከተልን እንመልሳለን።

አቻ ዓመታዊ ወጪ ምንድን ነው?

መኪና ሲገዛ ገንዘቡ በአንድ ቀን ይወጣል፤ አገልግሎቱ ግን ለዓመታት ይዘልቃል። ከዚያ ነዳጅ አለ፣ ጎማ አለ፣ ጥገና አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲሸጧት የሚመለስ ነገር አለ። አቻ ዓመታዊ ወጪ ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ ወለዱን አስቦ፣ በየዓመቱ እኩል በሆነ አንድ ቁጥር ይነግርዎታል።

ቀለል አድርጎ ለማየት መኪናዋን ለራስዎ እንደሚያከራዩ ያስቡ። ሳይከስሩም ሳያተርፉም በዓመት ስንት ማስከፈል አለብዎት? መልሱ አቻ ዓመታዊ ወጪ ነው። አሮጌዋም አዲሷም የየራሳቸው "ኪራይ" አላቸው። ኪራይዋ ያነሰው ትመረጣለች።

የጥገናውን ዋጋ ከአዲሷ ዋጋ ጋር በቀጥታ ባወዳድርስ?

አያስኬድም፤ የሚገዙት ነገር አንድ ዓይነት አይደለምና። ጥገናው ምናልባት 3 ዓመት ይገዛልዎታል፣ አዲሷ 6 ዓመት። 3 ዓመትን ከ6 ዓመት ጋር በጠቅላላ ድምር ካወዳደሩ አጭሩ ብዙ ጊዜ ርካሽ ይመስላል።

"ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ቀይራት" የሚል የተለመደ ምክርም አለ። መጥፎ ምክር አይደለም፣ ግን ዓይኑ አንድ ነው። አሮጌዋ ስንት ነዳጅ እንደምትጠጣ፣ በዓመት ስንት ቀን ቆማ እንደምትውል፣ የእርስዎ ገንዘብ በስንት ወለድ እንደመጣ አያይም። ቀጥሎ በምናየው ምሳሌ ጥገናው ልክ ግማሽ ነው። ምክሩ እዚያ ላይ ዝም ይላል።

እሺ፣ ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

በምሳሌ እንሂድ። ቁጥሮቹ የገንዘብ ስም የላቸውም፤ በሚጠቀሙበት ገንዘብ በሺህ እንደተቆጠሩ ይውሰዷቸው። አሮጌዋ መኪና ሞተሯና ካምቢዮዋ መፈታት አለባቸው፤ ጋራዡ 150 ጠይቋል። ሳትጠገን፣ እንዳለች ብትሸጥ 300 ታወጣለች። ከተጠገነች 3 ዓመት ትሠራለች፣ ያኔ በ120 ትሸጣለች። ለማንቀሳቀስ በዓመት 260 ትፈልጋለች። አዲሷ ደግሞ 1,000 ናት። 6 ዓመት ትሠራለች፣ መጨረሻ ላይ 400 ታወጣለች፣ በዓመት 200 ትፈልጋለች። ወለዱን 12 በመቶ እንያዝ። የሾፌር ደመወዝ በሁለቱም አንድ ስለሆነ ትተነዋል።

መጀመሪያ አዲሷ። ከ6 ዓመት በኋላ የሚገኘው 400 ዛሬ ስንት ነው? በ1.12 ስድስት ጊዜ ስናካፍለው 203 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መኪናዋ በእርግጥ የምትበላው 1,000 ሲቀነስ 203፣ ማለትም 797 ነው። ይህን በ6 ዓመት ለማከፋፈል በ6 አናካፍልም፤ ወለድ አለና። የ6 ዓመት ማካፈያ ቁጥር፣ ማለትም ለ6 ዓመት በየዓመቱ 1 መክፈል ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ፣ በ12 በመቶ 4.11 ነው። 797 ለ4.11 ሲካፈል 194 ይሆናል። የማንቀሳቀሻው 200 ሲጨመር 394።

አሮጌዋም በዚያው መንገድ። የዛሬ ዋጋዋ 300 ከጥገናው 150 ጋር 450 ነው። ከ3 ዓመት በኋላ የሚገኘው 120 ዛሬ 85 ያህል ነው። የሚቀረውን 365 ለ3 ዓመት ማካፈያ፣ ለ2.40፣ ስናካፍል 152 ይወጣል። 260 ሲጨመር 412። በዚህ ምሳሌ አዲሷ በዓመት በ18 ትረክሳለች።

ማካፈያ ቁጥሩን ከየት ላመጣው ነው?

በእጅ ማስላት አያስፈልግም። በኤክሴልም ሆነ በሌላ ሰንጠረዥ ፕሮግራም አንድ መስመር ይበቃል። በቅደም ተከተል የሚገቡት ወለዱ፣ የዓመቱ ብዛት፣ ዛሬ የሚታሰረው ገንዘብ በመቀነስ ምልክት፣ እና መጨረሻ ላይ የሚገኘው የመሸጫ ዋጋ ናቸው። ከዚያ የዓመቱ ማንቀሳቀሻ ይደመራል። የመጀመሪያው መስመር የአዲሷ ነው፣ ሁለተኛው የአሮጌዋ።

```
=PMT(12%,6,-1000,400)+200
=PMT(12%,3,-450,120)+260
```

የመቀነስ ምልክቱን ከረሱ ቁጥሩ ተበላሽቶ ይወጣል። መልሱ ከጠበቁት በጣም ከራቀ መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ።

አሮጌዋ እኮ የራሴ ናት፤ ለምንድን ነው 300 የምቆጥርባት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋን ላለመሸጥ ሲወስኑ 300 እምቢ ብለዋል ማለት ነው። ከኪስ አልወጣም፣ ግን ሊገባ የነበረ ገንዘብ ቀርቷል። ለውሳኔ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ባይቆጥሩት ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። አሮጌዋ ጥገናውን 150 ብቻ ትሸከማለች። 85 ሲቀነስ 65 ይቀራል፤ በ2.40 ሲካፈል 27። ከ260 ጋር 287 ይሆናል። በ394 እና በ287 መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነውና "ማስጠገን ይሻላል" ብለው ይደመድማሉ። ከሽያጭ ሊገኝ የሚችል 300 ግን በነፃ እንደተሰጠ ተቆጥሯል።

የሚያዘው ዋጋ ዛሬ ገዢ በእጁ የሚሰጥዎ ነው። የተገዛችበት ዋጋ አይደለም፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ ከእርጅና ቅናሽ በኋላ የቀረው ቁጥርም አይደለም። የመዝገቡ ቁጥር የሚገባው ግብር ላይ ለውጥ ካመጣ ብቻ ነው፤ ያኔም የሚቆጠረው የግብሩ ልዩነት እንጂ ራሱ ቁጥሩ አይደለም።

ታዲያ 300ውን ከአዲሷ ዋጋ ላይ ብቀንሰውስ? ያው አይደለም?

ያው ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው። ሻጩም ራሱ እንዲህ ነው የሚያሳይዎት፤ "አሮጌዋን አምጣና 700 ብቻ ጨምር" ይላል። ስሌቱን እንሥራው። 700 ሲቀነስ 203 ይሆናል 497። በ4.11 ሲካፈል 121፣ ከ200 ጋር 321። አሮጌዋ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ያለ 300ዋ 287 ናት። ቅድም አዲሷ በ18 ስታሸንፍ ነበር፤ አሁን አሮጌዋ በ34 አሸነፈች። ቁጥሮቹ ግን አልተለወጡም።

ምን ተፈጠረ? 300ው ከአዲሷ ላይ ሲቀነስ በ6 ዓመት ተከፋፈለ፤ በዓመት 73 ብቻ ሆነ። በአሮጌዋ ላይ ሲጨመር ግን በ3 ዓመት ነው የሚከፋፈለው፤ በዓመት 125። ሁለቱ ዘዴዎች የሚገናኙት የሁለቱ መኪኖች ዕድሜ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። በተጨማሪም 300ውን ከአዲሷ ላይ መቀነስ በየ6 ዓመቱ መኪና ሲቀየር እንደገና ሌላ 300 ይገኛል ብሎ ያስባል። አሮጌዋ ግን አንዴ ናት የምትሸጠው።

ትክክለኛነቱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ዛሬ ቀይሮ በዓመት 394 እየከፈሉ መቀጠልን፣ አስጠግኖ 3 ዓመት ቆይቶ ከዚያ 394 እየከፈሉ ከመቀጠል ጋር በዛሬ ዋጋ ያወዳድሩ። ዛሬ መቀየር በ43 ይረክሳል። ይህ 43 ደግሞ በዓመት 18 የነበረችው ልዩነት በ2.40 ስትባዛ የሚመጣው ነው። ስለዚህ አሮጌዋን እንደ ሦስተኛ ሰው ይመልከቷት፦ ዛሬ ከገበያ በ300 እንደሚገዟት አድርገው።

ቆማ የምትውልበት ቀን ይቆጠራል?

መቆጠር አለበት። ብዙ ጊዜ ውሳኔውን የሚገለብጠውም እሱ ነው። የአሮጌዋ 260 እንዲህ ነበር፦ ነዳጅ 110፣ ጥገናና ጎማ 75፣ ኢንሹራንስ 35፣ ቆማ የምትውልበት ቀን 40። የአዲሷ 200 ደግሞ ነዳጅ 95፣ ጥገና 35፣ ኢንሹራንስ 60፣ ቆማ የምትውልበት 10። አዲሷ ኢንሹራንሷ ከፍ ያለው ዋጋዋ ስለሚበዛ ነው።

አሁን የመቆሚያውን ቀን እንርሳው። አሮጌዋ 372 ትሆናለች፣ አዲሷ 384። አሮጌዋ አሸነፈች! እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስሌት በኩራት ሠርቼ መኪናዋን አስጠገንኩ። ከዚያ ዕቃ ለማድረስ የሰው መኪና በየሳምንቱ ስከራይ ነው የገባኝ።

ቀኑን ዋጋ ለመስጠት ሁለት ነገር ይጠይቁ። ምትክ መኪና ለአንድ ቀን መከራየት ስንት ነው? ካልተከራየሁ ከዚያ ቀን ሥራ የሚቀርብኝ ትርፍ ስንት ነው? ከሁለቱ ያነሰውን ይያዙ፤ አስተዋይ ሰው የሚመርጠው እሱን ነውና። የሚቀርብዎ ትርፍ ስንል ጠቅላላ ገቢ አይደለም፤ መኪናዋ ስትቆም ነዳጅም አይቃጠልም። የቀኑን ብዛት ደግሞ ከራስዎ የጋራዥ ደረሰኞች ያውጡ። የገባችበትና የወጣችበት ቀን እዚያ ላይ አለ።

ወለዱን ስንት ልያዝ?

በብድር የሚገዙ ከሆነ የብድሩ ወለድ ጥሩ መነሻ ነው። በራስዎ ገንዘብ ከሆነ ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በራስዎ ንግድ ውስጥ፣ ስንት ያመጣ ነበር ብለው ይጠይቁ። ለሁለቱም መኪኖች አንድ ዓይነት ወለድ ይጠቀሙ። "አዲሷ በብድር ናት፣ ጥገናው ግን በካሽ ነው" ብሎ አንዱን በ12፣ ሌላውን በዜሮ ማስላት ጨዋታውን አስቀድሞ መወሰን ነው።

ወለድ ሲጨምር የሚጎዳው ብዙ ገንዘብ ዛሬ የሚያስረው ነው፤ እሱም አዲሷ። በምሳሌያችን በ12 በመቶ አዲሷ በ18 ታሸንፋለች። 16 በመቶ ገደማ ላይ እኩል ይሆናሉ፣ ሁለቱም 426 አካባቢ። በ20 በመቶ አዲሷ 460፣ አሮጌዋ 441 ናት። ስለዚህ ውድ ብድር ላይ ያለ ሰው እና ርካሽ ብድር ያለው ጎረቤቱ ለአንድ ዓይነት መኪና የተለያየ መልስ ቢያገኙ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ነዳጅም መለዋወጫም በየዓመቱ ይጨምራል። እሱስ?

ዋናው ነገር አለመቀላቀል ነው። የማንቀሳቀሻ ወጪውን በዛሬ ዋጋ ከጻፉት፣ ማለትም ለ6ቱም ዓመት 200 ካሉ፣ ወለዱም የዋጋ ንረት የወጣለት መሆን አለበት። የባንኩ ወለድ 20 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ 8 በመቶ ከሆነ 1.20ን ለ1.08 ያካፍሉ። 1.111 ይመጣል፤ ወለዱ 11.1 በመቶ ነው።

የዛሬ ዋጋን ከሙሉው 20 በመቶ ጋር ከቀላቀሉ አዲሷን ያለ ጥፋቷ ይቀጧታል። ቅድም እንዳየነው በ20 በመቶ አሸናፊዋ አሮጌዋ ነበረች፤ በ11 በመቶ ግን አዲሷ ናት።

ጋራዡ "3 ዓመት ያለ ሐሳብ ትሄዳለች" አለኝ። ልመነው?

ቃሉን ሳይሆን ቁጥሩን ይፈትኑት። ከጥገናው በኋላ 2 ዓመት ብቻ ብትሠራና ያኔ በ200 ብትሸጥ ወጪዋ 432 ይሆናል። 4 ዓመት ብትሠራና በ80 ብትሸጥ ደግሞ 391፤ ከአዲሷ በትንሹ ትረክሳለች። ማለትም ጥያቄው "3 ነው ወይስ 4?" የሚል ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ከ400 ላይ 18 ልዩነት ከ5 በመቶ በታች ነው። እንዲህ ሲቀራረብ እኔ ቁጥሩን ትቼ የቆመ መኪና ደንበኛ ያሳጣኛል ወይ ብዬ ነው የምወስነው።

ዕድሜ ለመገመት የሚረዳው የማይፈታው የመኪናዋ ክፍል ነው። ሞተር ተሠርቶ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ሻሲው በዝገት ከተበላ ግን ሞተሩ ከሻሲው ዕድሜ በላይ አይጠቅምዎትም። ስለዚህ 150ውን ከመክፈልዎ በፊት ሻሲውን፣ የኋላ ዲፈረንሻሉን እና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሌላ መካኒክ ይይልዎ። ሞተሩ ሳይፈታ የየሲሊንደሩ ግፊት በመለኪያ ቢታይም ጥሩ ነው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ መፈታቱ ምክንያት አለው። ሁሉም ተቀራራቢና ጥሩ ከሆኑ ግን "ለምን ይፈታል?" ብለው ይጠይቁ።

ስሌቱን ወደ ኋላ ብንሠራው ደግሞ ለድርድር የሚሆን ቁጥር ይሰጣል። አሮጌዋ ከአዲሷ 394 ጋር እኩል እንድትሆን ጥገናው ስንት መሆን አለበት? 394 ሲቀነስ 260፣ 134 ነው። በ2.40 ሲባዛ 322። የመጨረሻው ሽያጭ 85 ሲጨመርና የዛሬ ዋጋዋ 300 ሲቀነስ 107 ይቀራል። ጋራዡ ወደ 107 ከወረደ እኩል ነው። ከዚያ በታች ካገኙ ማስጠገን ያዋጣል።

ባለፈው ወር 150 ከፍዬ አስጠግኛታለሁ። አሁን ልቀይር?

አሁን መልሱ ይለወጣል። 150ው ወጥቷል፤ ቢሸጡም ቢይዟትም አይመለስም። የሚቆጠረው ተጠግና ዛሬ ስንት ታወጣለች የሚለው ብቻ ነው። ጥገና ደግሞ የወጣበትን ያህል መሸጫ ዋጋ ላይ አይጨምርም። ከ300 ወደ 350 ከፍ ብላለች እንበል። 350 ሲቀነስ 85፣ 265 ነው። በ2.40 ሲካፈል 110፣ ከ260 ጋር 370። ከአዲሷ 394 ስለሚያንስ ይያዟት።

ይህ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው። "ባለፈው ወር መቀየር ነበረብህ፣ አሁን ግን አትቀይር" የሚል ምክር እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። ከባዱ ሸክም የጥገናው ቀን ነበር፤ እሱ ካለፈ በኋላ ያሉት ዓመታት ርካሽ ናቸው። የሚያሳዝነው ሰው አስጠግኖ በዓመቱ የሚሸጠው ነው። የጥገናውን ዋጋ ከፍሎ ርካሾቹን ዓመታት ለገዢው ይተዋል።

ሳላስጠግን እንዲሁ አንድ ዓመት ብገፋትስ?

ይህም አማራጭ ነው፤ ለብቻው ይሰላ። አሁን 300 የምታወጣው መኪና ከዓመት በኋላ 220 ብታወጣ፣ ብልሽቱም ማንቀሳቀሻውን 320 ቢያደርሰው፣ የዓመቱ ወጪ 300 ከነወለዱ 336፣ ሲቀነስ 220፣ ሲደመር 320 ነው። 436 ይሆናል። ከአዲሷም ከተጠገነችዋም ይበልጣል። ዝም ብሎ መግፋት እዚህ ምሳሌ ላይ ከሦስቱ ሁሉ ውዱ ነው፤ ከኪስ በአንዴ ስለማይወጣ ግን አይታወቅም።

ውሌ በ2 ዓመት ያልቃል። አሁንም 6 ዓመት ላይ ላስላ?

አይ። አቻ ዓመታዊ ወጪ አንድ የተደበቀ ግምት አለው፦ ሥራው ይቀጥላል፣ መኪናዋ ስታልቅ በተመሳሳይ ሌላ ትተካለች። 3 ዓመትን ከ6 ዓመት ጋር እንድናወዳድር የፈቀደልን እሱ ነው። ሥራው በ2 ዓመት የሚቆም ከሆነ ሁለቱንም በ2 ዓመት ያስሏቸው።

አዲሷ ከ2 ዓመት በኋላ በ700 ብትሸጥ ወጪዋ በዓመት 461 ይሆናል። አዲስ መኪና ዋጋዋ በብዛት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና። የተጠገነችው አሮጌ በ2 ዓመት 432 ናት። ያኔ አስጠግነው ውሉን ይጨርሱባት።